ልጃገረዶች ትምህርት የሚያቋርጡት ለምንድን ነው? የክለሳ ድርሳኑን ምዕራፍ በጥሞና ስናነበው

ስለ ልጃገረዶች ትምህርት ማቋረጥ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገለጥ፣ ክለሳ ድርሳኑ፣ ማለትም ቀደም ያሉ ጥናቶች የሚቃኙበት ምዕራፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ተቀምጦ ይገኛል። መጀመሪያ ኢኮኖሚያዊ ምክንያቶች ይመጣሉ፤ ከዚያ ባህላዊዎቹ ይከተላሉ፤ ከደህንነት ጋር የተያያዙት ደግሞ በመጨረሻ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ አጭር አንቀጽ ይጠቀሳሉ። በየርእሱ ሥር እገሌ ይህን አገኘ፣ እገሊት ያንን አገኘች እየተባለ ይዘለቃል። አደራደሩ ለጸሐፊውም ለአማካሪውም ይመቻል። ጥናቶቹን ራሳቸውን ላነበበ ሰው ግን አንድ ችግር ወዲያው ይታየዋል፤ ይኸውም የአንዲት ልጅ ከትምህርት መቅረት ከሦስቱ ርእሶች በአንዱ ብቻ ተጠቃሎ የሚገኘው ከስንት አንዴ መሆኑ ነው። ይህ ማብራሪያ ብዙ የተጠናበትን የአማራ ክልል ገጠር በዋና ምሳሌነት ይዞ፣ ሦስቱ ምክንያቶች እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙና አንድ ጥናት ምክንያቱን በየትኛው ርእስ ሥር እንደሚያስገባው የሚወስነው ምን እንደሆነ ያስረዳል።

ከምክንያቶቹ በፊት ስለ መለኪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በመስከረም የተመዘገበችና በሰኔ ፈተና ላይ ያልተገኘች ተማሪ በትምህርት ቤቱ መዝገብ አቋራጭ ተብላ ትቆጠራለች። ይህ አቆጣጠር ወደ ሌላ ወረዳ ሄዳ ያለ መሸኛ የተመዘገበችውን ልጅ አቋራጭ ያደርጋታል። በአንጻሩ ስምንተኛ ክፍልን በሚገባ ጨርሳ ዘጠነኛ ክፍል ሳትመዘገብ የቀረችውን አይቆጥራትም፤ ምክንያቱም በዚያ ዓመት በየትኛውም ትምህርት ቤት ስሟ አልተጻፈም። ከገጠር ልጃገረዶች ብዙዎቹ የሚጠፉት ደግሞ በዚሁ መሸጋገሪያ ላይ ነው። ስለዚህ «የማቋረጥ ምጣኔ» የሚል ቁጥር የጠቀሰ ማንኛውም ጥናት፣ ከመዝገብ ነው ወይስ ከቤት ለቤት መጠይቅ ያገኘው የሚለው ካልተገለጸ ከሌላው ጥናት ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ሌላው ከልብ ሊያዝ የሚገባው ነገር፣ ማቋረጥ በአንድ ቀን የሚፈጸም ድርጊት አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል ባሉ 20 ቦታዎች 3,000 ያህል ልጆችን በተለያየ ዕድሜያቸው እየተመላለሰ የጠየቀው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ የረጅም ጊዜ ጥናት ያስተማረን አንዱ ጉዳይ ይህ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ትቀራለች፤ በአጨዳ ሰሞን ሳምንታት ያመልጧታል፤ ክፍል ትደግማለች፤ ከታናናሾቿ ጋር መቀመጥ ያሳፍራታል፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትተወው። የመጨረሻዋ ቀን ላይ የተጠየቀ «ለምን?» የሚያገኘው መልስ የመጨረሻውን ምክንያት ብቻ ነው።

ኢኮኖሚውን እንመልከት። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ የትምህርት ክፍያ የለም። ስለዚህ «በድህነት ምክንያት አቋረጠች» የሚለው ሐረግ ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ ገንዘቡ የሚጠየቀው የት ላይ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ደብተርና እስክርቢቶ፣ የደንብ ልብስ፣ በየጊዜው ለትምህርት ቤቱ የሚዋጣ መዋጮ አለ። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የልጅቷ ጉልበት ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እንጀራ መጋገር፣ ሕፃን መያዝ በእናቲቱና በትልቋ ሴት ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። እናት ከታመመች፣ ከሞተች ወይም ከቤት ውጭ ሥራ ከገባች ቦታዋን የሚተካው ወንድሟ ሳይሆን እርሷ ናት። በሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች የታዘቡት አስገራሚ ነገርም ከዚህ ይመነጫል፤ እናት በፕሮግራሙ ለማኅበረሰብ ሥራ ስትወጣ ቤተሰቡ ገቢ ያገኛል፤ የቤቱ ሥራ ግን ወደ ልጅቷ ይተላለፋል። ገቢው እየጨመረ የጥናት ሰዓቷ ይቀንሳል ማለት ነው።

በአንደኛ ደረጃ ወጪው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ከሆነ፣ በዘጠነኛ ክፍል በአንድ ጊዜ ይቆለላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በወረዳው ከተማ ወይም በትልቅ ቀበሌ ማዕከል ስለሆነ፣ ከሩቅ የምትመጣ ልጅ ቤት ተከራይታ መማር አለባት። በቤቱ አንድ አባል ሲጎድል በሥራ የሚተካው ሰው አይኖርም፤ በዚያ ላይ የቤት ኪራይና የሳምንት ስንቅ ይጨመራል። ወላጆች ለወንዱ ልጅ ይህን ወጪ ሲያወጡ የሚያሰሉት ቆይቶ ይጦረናል ብለው ነው። ሴቷ ግን ትዳር ይዛ ወደ ሌላ ቤት የምትሄድ ተደርጋ ስለምትታሰብ ስሌቱ ይለወጣል። አሁን ያነበብነው ዓረፍተ ነገር ኢኮኖሚያዊ ነው ወይስ ባህላዊ? ክለሳ ድርሳኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ባህል ተብሎ በሚጠራው ርእስ ሥር ዋናውን ቦታ የሚይዘው ያለዕድሜ ጋብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በጊዜው ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከነበሩ ሴቶች 40 በመቶ ያህሉ 18 ዓመት ሳይሞላቸው፣ 14 በመቶ ያህሉ ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተው ነበር። ከሕግ አንጻር ነገሩ አከራካሪ አይደለም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመን ሰው በእስራት ይቀጣል፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል።

ሆኖም ጋብቻውን «ባህል ስለሆነ» ብሎ ማለፍ ደካማ ማብራሪያ ነው። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ሲያጋቡ እያንዳንዳቸው ለአዲሱ ጎጆ ከብት፣ እህል ወይም ገንዘብ ያዋጣሉ፤ አንዱ የሰጠው ከሌላው ጋር እንዲመጣጠንም ይደራደራሉ። ጥሩ ከብት ያለው፣ ስሙ የተከበረ ቤተሰብ ሽማግሌ ሲልክ፣ እምቢ ማለት ዕድሉን ለጎረቤት መስጠት ነው። ድግሱም የራሱ ሒሳብ አለው፤ አባትየው ለዓመታት በሌሎች ሰርግ የበላውንና ያዋጣውን የሚመልሰው በልጆቹ ሰርግ ነው። ጠላው ከተጠመቀ፣ በሬው ከታረደ በኋላ ታናሺቱን ከታላቋ ጋር በአንድ ዳስ መዳር ወጪ ይቆጥባል፤ በዚህ መንገድ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ከእህቶቻቸው ጋር የሚዳሩበት ሁኔታ በጥናቶች ተዘግቧል። ሰርጉ የሚበዛው በጥር ነው። አጨዳው አልቋል፣ ጎተራው ሞልቷል፣ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። የትምህርቱ የመጀመሪያ መንፈቅ የሚያልቀውም በዚሁ ሰሞን ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል በየካቲት ስም ሲጠራ ዝም የሚሉ መቀመጫዎች የሚበዙት።

ጋብቻው ከማቋረጥ ይቀድማል ወይስ ይከተላል የሚለው ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ የሚከብድ ነው። አንዲት ልጅ ታጭታ ከትምህርት ልትቀር ትችላለች፤ በሌላ ምክንያት ከትምህርት ቀርታ ቤት ስለተቀመጠች ልትዳርም ትችላለች። በአንድ ጊዜ መጠይቅ የተሰበሰበ መረጃ ሁለቱን አይለይም። ይህን ለመለየት ከተደረጉ ሙከራዎች በብልሃቱ የሚጠቀሰው በባንግላዴሽ የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የተመራማሪዎቹ የፊልድና የአምብረስ ጥናት ነው። በዚያ አገር ልጅቷ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ሳታይ አትዳርም፤ የወር አበባ የሚመጣበት ዕድሜ ደግሞ በአብዛኛው ከቤተሰቡ ሀብትም ከልጅቷ ጉብዝናም ጋር የማይያያዝ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው ብለው ተነሡ። በዚህ ልዩነት ተጠቅመው ሲያሰሉ፣ ጋብቻ በአንድ ዓመት በዘገየ ቁጥር የልጅቷ የትምህርት ዘመን በ0.22 ዓመት እንደሚረዝም አገኙ። ጋብቻ በራሱ ትምህርትን እንደሚያስቀር ይህ ያሳያል። ግን ቁጥሩን ልብ ይሏል፤ ሙሉ ዓመት ጋብቻን ማዘግየት የሚያተርፈው ከሦስት ወር ያነሰ ትምህርት ነው። ሌሎች ምክንያቶች ባሉበት ጸንተዋል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ፕሮግራም በዝርዝር ሊነበብ የሚገባው ነው። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅት ከአማራ ክልል የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር የሠራው ይህ ፕሮግራም ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን በሴት አስተባባሪዎች ሥር በቡድን ያሰባስባል፤ ትምህርት ላይ ላሉት የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣል፤ ከነዋሪው ጋር የማኅበረሰብ ውይይት ያካሂዳል። ሁለቱን ዓመት ሳትዳር በፕሮግራሙ የቆየች ልጅ ቤተሰብ በመጨረሻ አንድ ፍየል ይሸለም ነበር። ውጤቱ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ በጣም ጥሩ ነበር፤ ፕሮግራሙ ካልተካሄደበት የንጽጽር ቀበሌ ይልቅ ትምህርት ላይ የመገኘታቸው ዕድል ጨመረ፣ ጋብቻም እጅግ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ተቃራኒው ታየ፤ በፕሮግራሙ ቀበሌ ያሉት ይበልጥ አግብተው ተገኙ። ለታናናሾቹ የዘገየው ጋብቻ ወደ ኋለኛው ዕድሜ ተሸጋግሮ ይሆናል የሚል ግምት ይሰነዘራል።

ይህንኑ ለማጣራት ቆይቶ በአማራ ክልል የተደረገ ሌላ ሙከራ የፕሮግራሙን ክፍሎች ነጣጥሎ በተለያዩ ቦታዎች ፈተነ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ የትምህርት ቁሳቁስ ብቻ በተሰጠባቸው ቦታዎች ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች የመዳር ዕድላቸው በ94 በመቶ ቀነሰ። ከ15 እስከ 17 ባሉት ላይ ለውጥ ያመጣው ደግሞ ሳትዳር ትምህርት ላይ ለቆየች ልጅ ቤተሰብ በየዓመቱ የተሰጡ ሁለት ዶሮዎች ነበሩ፤ በዚያ የመዳር ዕድሉ በግማሽ ያህል ወርዷል። ደብተርና እስክርቢቶ ጋብቻን አስቀረ! ጋብቻውን «ባህላዊ»፣ ደብተሩን «ኢኮኖሚያዊ» ብሎ በሁለት ርእስ ሥር ያስቀመጠ ክለሳ ድርሳን ይህን ግኝት የሚያስገባበት ቦታ ያጣል። የዕድሜው ልዩነትም ትምህርት አለው፤ በ13 ዓመቷ ቤተሰቡን የሚያመነታው ትንሽ ወጪ ሲሆን፣ በ16 ዓመቷ ግን በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው የልጅቷ ሙሉ ጉልበትና ሽማግሌ የላከው ቤተሰብ ነው።

የወሎ ነገር ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ይጨምራል። ከዚያ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ለቤት ሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች ጥቂት አይደሉም፤ የላኩት ገንዘብ ያሠራው ቆርቆሮ ቤት በመንደሩ ቆሞ ይታያል፣ በክፍል ውስጥ ለተቀመጠችው ተማሪም ከመምህሯ ደመወዝ ይልቅ እርሱ ይናገራል። በአማራ ክልል የተደረጉ ጥናቶች እንደዘገቡት፣ አንዳንድ ወላጆች ልጅቷን ከመላካቸው በፊት አጋብተው ወዲያው ያፋቷታል፤ በባዕድ አገር ወይም በመንገድ ላይ ከምትደፈር ክብሯን በትዳር ትጣ በሚል። በአንድ ውሳኔ ውስጥ ገንዘብም፣ ክብርም፣ የመደፈር ስጋትም አሉ።

ደህንነት በክለሳ ድርሳን ውስጥ ለምን ጥቂት ቦታ እንደሚያገኝ ማስረዳት አያስቸግርም፤ ለመለካት ስለሚከብድ ነው። ጠለፋና መደፈር ለማያውቁት ጠያቂ የሚነገሩ ነገሮች አይደሉም። ከዚህም በላይ፣ ስጋት የሚሠራው ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት ነው፤ በአንድ ቀበሌ አንዲት ልጅ ብትጠለፍ አሥር አባቶች ልጆቻቸውን ቤት ያስቀምጣሉ፣ በመዝገብ የሚቆጠረው ወንጀል ግን አንድ ብቻ ነው። የቀድሞው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በሕጋዊ መንገድ ካገባት ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችበትና ፍርድ ቤት ራሷን በመከላከል ነጻ ያወጣት ጉዳይ ለሕጉ መለወጥ ከተነሡ ክርክሮች ዋነኛው ሆነ። አዲሱ ሕግ ያንን ማምለጫ ዘግቶ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጉዳዩ የተከሰተው ከትምህርት ቤት መልስ መሆኑ እንደ አጋጣሚ አይታይም፤ ልጃገረድ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ መንገድ፣ ያለ ሰው የምትገኝበት ጊዜ ያው ነው።

ርቀት ራሱ የዚህ ስጋት መለኪያ ሊሆን ይችላል። በሕንድ የቢሃር ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለገቡ ሴቶች ብስክሌት መግዣ ሲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ የሚመዘገቡ ልጃገረዶች ቁጥር በ32 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ጭማሪው በአብዛኛው የታየውም ከትምህርት ቤቱ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቁ መንደሮች ነው። ብስክሌቱ ጊዜ ይቆጥባል፤ መንገዱንም ያሳጥራል፤ ተማሪዎቹም በቡድን ስለሚሄዱ ስጋቱ ይቀንሳል። የትኛው እንደሠራ ለይቶ መናገር አይቻልም። በጎጃም ዳገት ብስክሌት ይሠራል ማለቴም አይደለም፤ ከዚያም በላይ በእኛ ገጠር ስጋቱ ከመንገዱ ይልቅ በከተማው የኪራይ ክፍል ውስጥ ይከብዳል። መቀርቀሪያው የላላ በር፣ መብራት የሌለው ግቢ፣ ኪራይ ሲዘገይ ሌላ ነገር የሚጠይቅ አከራይ፣ ማታ በር የሚያንኳኩ ወንዶች፤ እነዚህን የሚጠይቅ መጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ከደህንነት ጋር ተቀላቅሎ የሚጠቀሰው የወር አበባ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኮምቦልቻ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በወር አበባቸው ወቅት ከትምህርት እንደቀሩ ተናግረዋል። በኔፓል በዕጣ ተከፍለው በተጠኑ ልጃገረዶች ላይ ግን በወር አበባ ምክንያት የሚቀረው በዓመት ከአንድ ቀን በታች ሆኖ ተገኘ፤ መጠበቂያ መስጠትም መቅረትን አልቀነሰም። ቦታው ስለሚለያይ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። ነገር ግን አንዱ የተማሪዋን ትውስታ ሲጠይቅ ሌላው የየዕለቱን መገኘት ስለቆጠረ፣ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ብሎ መጠቅለል ስሕተት ነው። ከትምህርት መቅረትና ማቋረጥም አንድ አይደሉም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ከወረዳው ከተማ የሦስት ሰዓት እግር መንገድ ርቃ የምትኖር የ15 ዓመት ልጅ በሰኔ ስምንተኛ ክፍልን አለፈች እንበል። በመስከረም ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራየች። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት ትሄዳለች፤ እሑድ እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ተሸክማ ትመለሳለች። በጥቅምት ከጓደኞቿ አንዷ ማታ በር ላይ በደረሰባት ነገር ፈርታ ቀረች፤ የኪራዩ ድርሻ ከፍ አለ። በኅዳር ለአጨዳ ሁለት ሳምንት ቀረች፤ ስትመለስ ሒሳቡ አለፋት፣ የመንፈቁ ፈተናም ከበዳት። በታኅሣሥ የታላቅ እህቷ ሰርግ ለጥር ተቆረጠ፤ ለእርሷም ሽማግሌ መጣ። በየካቲት ክፍል ውስጥ የለችም።

አሁን አጥኚው መጠይቁን ይዞ ይምጣ። ርእሰ መምህሩን ቢጠይቅ «ተዳረች» ይለዋል። አባትየው፣ ጋብቻው በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ «አቅም አነሰኝ» ይላል። እናትየዋ «ብቻዋን ከተማ ማኖር ፈራን» ትላለች። ልጅቷ ራሷ «ትምህርቱ ከበደኝ» ትላለች። አራቱም እውነት ተናግረዋል። አጥኚው የጠየቀው አባቶችን ከሆነ ጥናቱ «ድህነት ቀዳሚ ምክንያት ነው» ብሎ ይደመድማል፤ መምህራንን ከሆነ «ያለዕድሜ ጋብቻ»፤ እናቶችን ከሆነ «የደህንነት ስጋት»። በየጥናቱ የምናየው የደረጃ ልዩነት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ምዕራፉን የሚጽፍ ሰው ለእያንዳንዱ ጥናት ከውጤቱ ጎን ለጎን ማን መልስ እንደሰጠ፣ ልጅቷ ካቋረጠች ምን ያህል ጊዜ በኋላ እንደተጠየቀ፣ ናሙናው ከትምህርት ቤት ወይም ከቤት መወሰዱን ሊያሰፍር ይገባዋል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተሰበሰበ ናሙና ያቋረጡትን አያገኝም፤ የሚያገኘው «ጓደኞቻችሁ ለምን የቀሩ ይመስላችኋል?» ለሚለው የተሰጠ ግምት ነው። ምክንያቶቹን በሦስት ርእስ ከመክፈል ይልቅ በልጅቷ የትምህርት ጉዞ መክፈልም ይቻላል፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ፣ ወደ ዘጠነኛ መሸጋገሪያው፣ ከዚያ በኋላ። እንዲህ ሲደረግ የቤት ሥራ ጫናው የቱ ላይ እንደሚበረታ፣ ኪራዩና ስጋቱ መቼ እንደሚገቡ፣ ሽማግሌውም መቼ እንደሚመጣ በየቦታው ይታያል።

እዚህ የተጠቀሱት የአማራ ክልል ጥናቶች የተደረጉት ትምህርት ቤቱ ክፍት በነበረበት ዘመን መሆኑም አይዘነጋ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋልም። ትምህርት ቤቷ የተዘጋባት ልጅ ምንም አላቋረጠችም፤ በመዝገብም በየትኛው ዓምድ እንደምትገባ ግልጽ አይደለም። ደብተር ተሰጥቷት ከጋብቻ የዳነችው የ13 ዓመት ልጅ የዳነችው የምትሄድበት ክፍል ስለነበረ ነው። የቀድሞውን ውጤት ለዛሬው ሁኔታ የሚጠቅስ ጸሐፊ፣ ክፍሉ በሌለበት የቁሳቁሱ ድጋፍ የቱን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ ማስረጃ ከእነዚህ ጥናቶች ሊያገኝ እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።